የዕቅድ ውይይት፦ የማታ ተማሪዎቻችን ፈጣን እንግሊዝኛ እንዲሰሙ እንዴት እናስተምር?

ጸሐፊዋ (ሲልቨር ስፕሪንግ)
ጤና ይስጥልኝ፣ አባላት። የጋራ ሐሳባችን እሁድ ለቦርዱ መግባት አለበት። በርዕሱ ተስማምተናል፤ ተማሪዎቻችን ፈጣን ንግግር ሲሰሙ እያንዳንዱን ቃል ማሳደዱን ትተው አስቀድመው እየገመቱ ፍሬ ነገሩን እንዲይዙ ማሠልጠን ነው። የቀረን አሠራሩ ነው።

ነገሩን ያነሣሁት በአንዲት ተማሪዬ ምክንያት ነው። የሁለት ልጆች እናት ናት፤ ሆቴል ታጸዳለች። በረዶ ሊጥል ሲል የልጆቿ ትምህርት ቤት የተቀዳ መልእክት በስልክ ላከላት። አራት ጊዜ ሰማችው። በነጋታው ልጆቿን ይዛ በሰዓቷ ሄደች፤ በሩ ዝግ ነበር። በኋላ መልእክቱን አሰማችኝና «ኢንክለመንት ማለት ምንድን ነው?» አለችኝ። ከዚያ ቃል በኋላስ ምን አለ ስላት «እሱ ላይ ቆምኩ» አለች። ቀጥሎ የመጣው «ቱ አወርስ ሌት» ነው። ሦስቱንም ቃላት በየቀኑ ሥራ ቦታ ትናገራቸዋለች። ሆኖም አልሰማቻቸውም፤ ጆሮዋ የማታውቀው ቃል ላይ ተጠምዶ ነበር።

መምህሩ (አሌክሳንድሪያ)
እኔ መፍትሔው ቀላል ይመስለኛል፤ ድምፁን ቀስ ማድረግ ነው። አገር ቤት እያለሁ እንግሊዝኛ የሰማሁት በአሜሪካ ድምፅ ሬዲዮ፣ በ«ስፔሻል ኢንግሊሽ» ነው። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1959 የተጀመረ ዝግጅት ነው። 1,500 ገደማ በሆኑ ቃላት፣ በአጫጭር ዓረፍተ ነገር፣ ረጋ ተብሎ ይነበብ ነበር። እኔን አስተምሮኛል። አሁን ደግሞ ስልኩ ራሱ ድምፁን ያዘገየዋል። የመጀመሪያውን ወር በዝግታ እንጀምርና ቀስ በቀስ ፍጥነቱን እንጨምር።

ጋሼ (ጡረታ የወጡ የቋንቋ መምህር)
ልጄ፣ ግማሹ እውነት ነው። ያ ዝግጅት ቃላት ያስተምር ነበር፤ ለጀማሪ ድፍረት ይሰጥ ነበር። ነገር ግን ረጋ ብሎ የሚያነብ ሰው እያንዳንዱን ቃል ለይቶ ነው የሚያወጣው። ፈጣን ተናጋሪ ቃላቱን ያዋህዳቸዋል። «ወት አር ዩ ጎይንግ ቱ ዱ» የሚለው መንገድ ላይ «ወቻ ገና ዱ» ይሆናል። ይህን በስልክ ብታዘገየው የምትሰማው የተጎተተ «ገና» ነው። «ጎይንግ ቱ» ተመልሶ አይመጣም። ተናጋሪው መቼ አለውና!

እኛ በአማርኛ ፊደላቱን በአብዛኛው በሙሉ ድምፃቸው እናነባለን። እንግሊዝኛ ግን ዋና ዋናዎቹን ቃላት አጉልቶ ሌሎቹን ይውጣቸዋል። ስለዚህ ተማሪው የሚጎላውን እንዲይዝ፣ የተዋጠውን ደግሞ ከነገሩ አካሄድ እንዲሞላ ነው ማሠልጠን ያለብን። ግምት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

የቅዳሜ አስተማሪዋ
ጥሩ ሐሳብ ነው! የእኔም ልጆች የአያቶቻቸውን አማርኛ መስማት አቅቷቸዋል። አያት በፍጥነት ሲያወሩ ልጆቹ መሃል ላይ ይጠፋሉ። ለእነሱስ ስንት ክፍለ ጊዜ ታስቧል?

ጸሐፊዋ
እህቴ፣ ይሄኛው ለአዋቂዎቹ የእንግሊዝኛ ክፍል ነው። የልጆቹን አማርኛ ለብቻው እናነሣዋለን።

ጋሼ
ቆይ፣ ያነሣችው ነገር ይጠቅመናል። አያት «ነገ አክስታችሁ ጋ ለምሳ» ብለው ሲጀምሩ እንሂድ ይበሉ፣ አንሄድም ይበሉ፣ የሚታወቀው ግሱ ሲመጣ፣ መጨረሻ ላይ ነው። የአማርኛ ጆሮ ስለዚህ መጨረሻውን መጠበቅ ለምዷል። በእንግሊዝኛ ግሱም ሆነ «ኖት» የሚለው ቃል ቀድሞ ያልፋል። ተማሪዎቻችን ለመጨረሻው ሲዘጋጁ ዋናው ነገር አምልጧቸዋል። የእሷ ልጆች ችግር የዚህ ግልባጭ ነው፤ በእንግሊዝኛ ልማድ ግሱን መጀመሪያ ላይ ይፈልጉታል።

ጸሐፊዋ
እሺ፣ ወደ ክፍል ላውርደው። ያንኑ የበረዶ መልእክት ባለፈው ማክሰኞ ሞከርኩት። ርዝመቱ ግማሽ ደቂቃ አይሞላም። ከመክፈቴ በፊት ሦስት ነገር ብቻ ነገርኳቸው፦ የደወለው ትምህርት ቤት ነው፣ ሰዓቱ ማታ ነው፣ ነገ በረዶ አለ ተብሏል። «ምን ሊል ይችላል?» አልኳቸው። በአማርኛ ሰሌዳ ላይ ጻፍን፦ ይዘጋል፣ ዘግይቶ ይከፈታል፣ ልጆች ቶሎ ይለቀቃሉ። ከዚያ ለእያንዳንዱ ግምት የሚጠብቁትን የእንግሊዝኛ ቃል ራሳቸው አወጡ።

በመጀመሪያው መስማት እስክሪብቶ መያዝ ከለከልኩ። ሲያልቅ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ በአማርኛ ጠየቅኩ። ከአሥራ አንዱ ስምንቱ «ዘግይቶ ይከፈታል» አሉ። በሁለተኛው ከሰሌዳው ላይ የወደቀውን ግምት አጠፋን። በሦስተኛው ቁጥርና ቀን ብቻ ያዙ። «ኢንክለመንት»ን ማንም አልጠየቀም። እኔም እስከ መጨረሻው አልነገርኳቸውም።

የቤት ለቤት ተንከባካቢዋ
እኔ በዚህ ግምት በሚባለው ላይ ስጋት አለኝ። ትንሽ ቀርቶኝ በሽተኛ ልጎዳ ነበር። የምንከባከባቸው ሴትዮ ከአንድ ቀን በፊት ጠጣር ምግብ እንዲበሉ ተፈቅዶላቸው ነበር። በነጋታው ነርሷ ደውላ በፍጥነት ነገረችኝ። እኔ የሰማሁት «ትችላለች» የሚለውን ነው፤ ያለችው «አትችልም» ነበር። የጠበቅኩትን ነው የሰማሁት። ደግነቱ ደግሜ ጠየቅኳት። ፊፍቲንና ፊፍቲስ? የመድኃኒት መጠን ላይ «ፍሬ ነገሩን ያዝኩ» ብሎ ነገር የለም።

ጋሼ
ይህ ረቂቁ ውስጥ መግባት አለበት፣ የኔ ልጅ። ግምት በር ይከፍታል፤ ግን የራስን ሐሳብ እንደ ሰው ቃል ያሰማል። የአሜሪካኖቹ «ካንት» መጨረሻ ላይ ያለችው «ት» ብዙ ጊዜ አትሰማም። የሚለየው አናባቢው ነው። «ይችላል» ሲሆን አጥሮ «ከን» ይላል፤ «አይችልም» ሲሆን ረዘም ብሎ ጎላ ይላል። ስለዚህ አራተኛ መስማት እንጨምር። ሁለት ሦስት ሰከንድ ብቻ ቆርጠን፣ ጽሑፉን እያዩ አምስት ጊዜ ይስሙት። ቁጥርና አሉታ ሲሆን ደግሞ መልሶ መጠየቅን እናስለምድ፦ «ፊፍቲን? ዋን፣ ፋይቭ?»

መምህሩ (አሌክሳንድሪያ)
ጋሼ፣ «ገና» ያሉትን ዛሬ በዝግታ አሰማኋቸው። እውነትም «ገና»ው አልተለወጠም። ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። ተማሪው ፍሬ ነገሩን ሲስት ጆሮው ነው ወይስ ቃሉን ስለማያውቅ? በምን እንለያለን?

ጋሼ
ጽሑፉን ስጠው። አንብቦ ከገባው ችግሩ ጆሮው ነው። አንብቦም ካልገባው ቃላት ያንሰዋል፤ እሱን በማዳመጥ ልምምድ አታድነውም። ከግማሽ መስመር በላይ የማያውቀው ከሆነ ግምቱም ባዶ ነው። ለእንደዚያ ዓይነቱ ያንተ ረጋ ያለ ድምፅ ይሻለዋል።

መምህሩ (አሌክሳንድሪያ)
ይሄን ተቀብያለሁ። ግምቱን በአማርኛ ማጻፉን ግን አልቀበልም። እኔ ክፍል አማርኛ አይወራም። ስልኩ ሲደወል ማን ይተረጉምላቸዋል?

ጸሐፊዋ
እኔ ደግሞ በእንግሊዝኛ ብጠይቃቸው ኖሮ የሚገምቱትን ሳይሆን መናገር የሚችሉትን ነበር የሚነግሩኝ። ይህን አሁን አንጨርሰውም። ረቂቁ ላይ ሁለቱም በየክፍላቸው ይሞክሩት ብዬ ልጻፍ።

እስካሁን የያዝኩት ስምንት ሳምንት፣ በሳምንት አንድ መልእክት፣ አራት መስማት ነው። መመዘኛው አልተቆረጠም። እኔ የማያውቁትን አዲስ መልእክት አንድ ጊዜ አሰምቶ «አሁን ምን ታደርጋላችሁ?» ማለት ይበቃል ባይ ነኝ። ተንከባካቢዋ ቁጥርና አሉታ ለብቻ ይመዘኑ ትላለች።

እስከ ሐሙስ የምፈልገው እውነተኛ የተቀዳ መልእክት ነው፤ ከመድኃኒት ቤት፣ ከትምህርት ቤት፣ ከአከራይ። ከአርባ ሰከንድ አይብለጥ። ስምና ስልክ ቁጥር ያለበትን ቆርጣችሁ ላኩልኝ።

የቤት ለቤት ተንከባካቢዋ
ከመድኃኒት ቤት ሦስት አለኝ። አንዱን እኔም እስካሁን አልጨረስኩትም። እሱን ልልክልሽ?

ጸሐፊዋ
እሱን መጀመሪያ ላኪው።