ውሻዬ ሆዱ ተነፍቶ ማስመለስ አቅቶታል፤ እስከ ጠዋት ልጠብቅ?

ጠያቂ (ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ)

የስምንት ዓመት ጀርመን ሸፐርድ አለኝ፤ ክብደቱ 36 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። የሚበላው በቀን አንድ ጊዜ ማታ ሲሆን፣ ዛሬም 12 ሰዓት ላይ በአጥንት ሾርባ የተበጠበጠ ፉርሽካ አንድ ትልቅ ሳፋ ሙሉ በላ። አንድ ሰዓት ተኩል ካለፈ ጀምሮ ግን አንድ ቦታ መተኛት አልቻለም። ሊያስመልስ ደጋግሞ ይታገላል፣ የሚወጣው ግን ነጭ አረፋና ወፍራም ለሃጭ ብቻ ነው። ከጎድን አጥንቱ በስተኋላ ያለው ሆዱ ጠንክሯል። ምግብ ከብዶት ከሆነ ዘይት ወይም ወተት ሰጥቼ ጠዋት ሐኪም ቤት ብወስደው ይሻላል?

አባል (ደብረ ብርሃን)

ወንድሜ፣ እኔ የምጠረጥረው መርዝ ነው። በእኛ ሰፈር ለጅብ ተብሎ የተጣለ ሥጋ በልተው የሞቱ ውሾች ነበሩ፤ የእኔም ውሻ እንዲሁ አረፋ ሲደፍቅ ነው ያገኘሁት። ወተት መርዙን ያበርዳል ስለሚባል ቶሎ ቢሰጡት ጥሩ ነው።

የእንስሳት ጤና ረዳት (ሞላሌ)

ይህ መርዝ አይመስለኝም፤ ጋዝ ነው። በመርዝ የተጎዳ ውሻ አብዛኛውን ጊዜ ያንቀጠቅጠዋል ወይም የበላውን ያስመልሳል፤ የእርስዎ ውሻ ግን ማስመለስ እየፈለገ ምንም አይወጣለትም። በጣቶችዎ ሆዱን መታ መታ ሲያደርጉት እንደ ከበሮ ከጮኸ ጋዝ መሆኑን ይወቁ። ላም እርጥብ ሣር በልታ ስትነፋ ዘይት እናጠጣታለን፤ ካልተሻላትም በግራ ጎኗ ትሮካር አስገብተን እናስተነፍሳታለን። ለውሻውም ዘይቱን ቢሞክሩለት፣ ካልሆነም በግራ ጎኑ በወፍራም መርፌ ቢያስተነፍሱት ሕይወቱን ያተርፋሉ ብዬ አምናለሁ።

የእንስሳት ሐኪም (አዲስ አበባ)

ጠያቂ ሆይ፣ ከሁሉ በፊት ስልክዎን አንስተው በአቅራቢያዎ ያለ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ይደውሉ፤ ማብራሪያውን መንገድ ላይ ሆነው ያነቡታል። በአፉ ምንም ነገር አይስጡት፤ ዘይትም፣ ወተትም፣ ውኃም ቢሆን።

የሞላሌው ወንድማችን ጋዝ መሆኑን በትክክል አይቷል፤ ነገር ግን የውሻው ችግር ከላሟ ይለያል። ደረታቸው ጥልቅ በሆነ ውሾች፣ ማለትም እንደ ግሬት ዴን፣ ጀርመን ሸፐርድ፣ ዶበርማንና ሴንት በርናርድ ባሉት ዘንድ፣ ጨጓራው በጋዝ ሲወጠር በራሱ ላይ ሊዞር ይችላል። አፉ እንደ ተጠመዘዘ ከረጢት ከላይም ከታችም ይዘጋል፤ ስለዚህ ውሻው ማግሳትም ማስመለስም አይችልም፣ በግድ የሚያጠጡት ዘይትም ወደ ሳንባው የመግባት አደጋ አለው። የተወጠረው ጨጓራ ከኋላ አካሉ ወደ ልብ ደም የሚመልሰውን ትልቁን የደም ሥር ይጫነዋል፤ የልቡ ደም ይቀንሳል፣ ውሻውም ወደ ሾክ ይገባል። የጨጓራው ግድግዳ ደግሞ ደም ሲያጣ መሞት ይጀምራል። ይህ ሁሉ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ስለሚፈጸም ጠዋት ድረስ መቆየት አይቻልም።

አሁን ከንፈሩን ገልጠው ድዱን ይዩ። በጣትዎ ተጭነው ሲለቁት ቀይ ቀለሙ በሁለት ሴኮንድ ውስጥ ካልተመለሰ፣ ወይም ድዱ ነጭ ወይም ግራጫ ከሆነ ሾኩ ጀምሯል ማለት ነው። ድዱ ገና ቀይ ቢሆንም ግን አይዘናጉ። ሆዱ በዓይን ትልቅ ባይመስልም እንዲሁ፤ የእነዚህ ውሾች ጨጓራ በጎድን አጥንት ሥር ተደብቆ ሊነፋ ይችላል። ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ምልክት እርስዎ የጻፉት ነው፤ ደጋግሞ ሊያስመልስ መታገልና ምንም አለማውጣት።

ለሐኪሙ ሲደውሉ «በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ፣ የጨጓራ ቱቦና ወፍራም መርፌ አለዎት ወይ? ቀዶ ሕክምናስ ይሠራሉ?» ብለው ይጠይቁ። ቀዶ ሕክምና ባይኖርም መጀመሪያ እዚያ ይድረሱ። ፈሳሹ ተሰጥቶትና ጋዙ ቀንሶለት የሚጓዝ ውሻ፣ እንዲሁ እስከ አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ከሚነዳበት ውሻ ይልቅ የመድረስ ተስፋ አለው። መርፌውን ግን እርስዎ እንዳይሞክሩት፤ በውሻ ላይ ብዙውን ጊዜ የሚወጋው ከበሮው በሚጮኽበት በቀኝ በኩል ነው፣ በግራ በኩል የተፈናቀለውን ጣፊያ የመውጋት ዕድል አለ።

የእንስሳት ጤና ረዳት (ሞላሌ)

ዶክተር፣ ስለ ዘይቱና ስለ ጎኑ ትምህርት ወስጃለሁ። አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ቱቦው በቀላሉ ወደ ጨጓራው ከገባ ጨጓራው አልተጠመዘዘም ብለን ውሻውን ወደ ቤቱ ልንመልሰው እንችላለን?

የእንስሳት ሐኪም (አዲስ አበባ)

አይቻልም። ጨጓራው ዞሮም ቱቦው ሊያልፍ ይችላል፤ መዞሩን የሚለየው ውሻው በቀኝ ጎኑ ተኝቶ የሚነሣው ራጅ ነው።

ባለ ግሬት ዴን (ደብረ ሲና)

ይህን እኔም በራሴ ውሻ ላይ አይቻለሁ። በአንድ ክሊኒክ በቱቦ ጋዙ ወጣለት፣ ሆዱም ጎደለ፣ እየሄደ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ስለ ቀዶ ሕክምና ማንም አልነገረንም። ከወራት በኋላ ሕመሙ ሌሊት ተመለሰበት፣ ሳይነጋም ሞተብን። እባክዎ፣ ጋዙ ወጥቶለት ቢሻለው እንኳ ጉዞዎን እንዳያቋርጡ።

ጠያቂ (ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ)

ያለሁበትን ላሳውቃችሁ። እዚሁ ከተማ ያገኘሁት ሐኪም ድዱን አይቶ ገርጥቷል አለኝ። በሁለቱም የፊት እግሮቹ ፈሳሽ አስገባለት፤ በቀኝ ጎኑም በመርፌ ሲወጋው ጋዙ በፉጨት ወጣ፣ ውሻውም ወዲያው ቀና አለ። የደብረ ሲናዋ እህቴ ያሉትን ባላነብ ኖሮ ከዚያ እመለስ ነበር። አዲስ አበባ ሌሊት ደርሰን ራጅ ሲነሣ ጨጓራው ዞሯል። በቀዶ ሕክምናው ወደ ቦታው መልሰው የቀኝ የሆድ ግድግዳው ላይ ሰፍተውታል፤ ጣፊያው ደም ስላጣም ተቆርጦ ወጥቷል። በማግስቱ የልብ ምቱ ተዛብቶ ስለነበረ በክሊኒኩ አቆዩት፣ ዛሬ ግን በጥቂት በጥቂቱ እየበላ ነው።

አሁን የምጠይቀው ስለ ልጁ ነው። የሁለት ዓመት ወንድ ልጁ እኔው ጋ አለ፤ እርሱንስ እንዴት ልጠብቀው? ምግቡን ከፍ ባለ ነገር ላይ ባስቀምጥለት ይጠቅመዋል?

የእንስሳት ሐኪም (አዲስ አበባ)

እግዚአብሔር ይማረው። የልብ ምት መዛባቱ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት ሁለትና ሦስት ቀናት ብዙ ጊዜ ስለሚታይ ማቆየታቸው ትክክል ነው። የተሰፋ ጨጓራ እንደገና መነፋቱ አይቀርም ማለት ባይቻልም፣ መዞሩ ግን እጅግ ጥቂት ነው።

ለልጁ የአባቱ መታመም ራሱ አደጋውን ይጨምርበታል። በቀን አንድ ጊዜ ሳፋ ሙሉ መስጠቱን ትተው ያንኑ መጠን ለሁለት ወይም ለሦስት ይክፈሉት፣ እየተስገበገበ የሚበላ ከሆነም በሰፊ ትሪ ላይ ዘርግተው ይስጡት። እኔ ብሆን ለሌላ ቀዶ ሕክምና ማደንዘዣ በሚወስድበት ቀን ጨጓራውን አብሬ አስሰፋለሁ። ስለ ሳህኑ ከፍታ እ.ኤ.አ. በ2000 በአሜሪካ የታተመ ጥናት ከፍ ያለ ሳህን አደጋውን እንደሚጨምር አመልክቷል፤ ሌሎች ግን ይህን አላገኙም። ስለዚህ መሬት ላይ ያስቀምጡለት እላለሁ።

ባለ ግሬት ዴን (ደብረ ሲና)

ለእኔ ደግሞ ውሻው ረጅም ስለሆነ አንገቱ እንዳይታመም ከፍ አድርጊለት ብለውኝ ነበር፤ አሁን ባለው ቡችላዬ ላይ ምን እንደማደርግ ገና አልወሰንኩም። ከበላ በኋላ መሮጥስ ያመጣዋል? የጠያቂው ውሻ እንደኔው ከምግብ በኋላ በር ላይ ይሯሯጥ ነበር?

ጠያቂ (ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ)

አዎ፣ እንደበላ በአጥሩ ዙሪያ ሲሮጥ ነበር።

የእንስሳት ሐኪም (አዲስ አበባ)

መሮጡ መንስኤው ነው ለማለት ማስረጃው አንድ ወጥ አይደለም፤ ነገር ግን ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ታስሮ ቢያርፍ የሚጎዳው ነገር የለም። ከሁሉ በላይ ግን የሐኪሙን ስልክ በር ላይ ይለጥፉና በቤቱ ያለ ሰው ሁሉ፣ ዘበኛውም ጭምር፣ «ሊያስመልስ ይታገላል፣ ምንም አይወጣለትም» ማለት ወዲያው መደወል እንደሆነ ይወቅ።