አማካሪዬ «ፍልስፍናሽና ዓላማሽ አይገጥሙም» አሉኝ፦ ፖዚቲቪዝም ልበል ወይስ ኢንተርፕረቲቪዝም?

ጠያቂ (የማስተርስ ተማሪ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ጥናቴ የእርግዝና ክትትል ጤና ጣቢያ የጀመሩ እናቶች ለምን ቤታቸው እንደሚወልዱ ነው። 422 እናቶችን በመጠይቅ፣ 8 እናቶችን ደግሞ በጥልቅ ቃለ መጠይቅ ላነጋግር አስቤያለሁ። የፍልስፍናው ክፍል ላይ፣ ሰዎች ለነገሩ የሚሰጡትን ትርጉም እረዳለሁ ለማለት፣ «ኢንተርፕረቲቪዝም» ብዬ ጽፌ ነበር፤ አማካሪዬ አይገጥምም ብለው መለሱት። የቱን ልቀይር? የፕሮፖዛል ዲፌንሱ ደርሷል።

ሄኖክ፦ ይሄማ ቀላል ነው። ቁጥር ካለ ፖዚቲቪዝም፣ ቃለ መጠይቅ ካለ ኢንተርፕረቲቪዝም። ሁለቱም ስላለሽ፣ ለጥያቄው የሚሠራውን ዘዴ እጠቀማለሁ የሚለውን «ፕራግማቲዝም» በይና እለፊ። የኛ ባች ግማሹ እንደዚያ ብሎ ነው የተመረቀው።

ቤቲ፦ ኤስፒኤስኤስ የቱን ቨርዥን ነው የምትጠቀሚው? ሎጂስቲክ ሪግሬሽን ከሆነ እኔ ጋ ማኑዋል አለ።

መምህሩ፦ የሄኖክ ምክር ዲፌንሱን ሊያሳልፍሽ ይችላል፣ ጥናቱን ግን አያቃናውም። በቃለ መጠይቅም ፖዚቲቪስት መሆን፣ ማለትም እውነቱ አንድ ነው፣ ይለካል ብሎ መነሳት ይቻላል። ሃያ እናቶች አነጋግረሽ «14ቱ ርቀት ብለዋል» ብለሽ ከቆጠርሽ፣ መልሱ እናቲቱ ውስጥ ተቀምጦ የሚጠብቅ፣ ማንም ቢጠይቃት ያው ሆኖ የሚወጣ ነገር ነው ብለሽ ተነስተሻል ማለት ነው።

ደግሞ 422 ከየት እንደመጣ እናውቀዋለን። 50 በመቶ ተገምቶ፣ 5 በመቶ ስህተት ተፈቅዶ 384፤ መልስ ለማይሰጡት 10 በመቶ ሲጨመር 422። ወረዳው ውስጥ አንድ እውነተኛ መጠን አለ፣ እኔም በአምስት ነጥብ ልዩነት እደርስበታለሁ ብለሽ ነው ይህን ቁጥር የጻፍሽው። አማካሪሽ ያዩት ይህን ይመስለኛል።

አንድ ጥያቄ ብቻ እንውሰድ፦ ርቀት። በመጠይቁ «ጤና ጣቢያው በእግር ስንት ደቂቃ ያስኬዳል?» ብለሽ ከአንድ ሰዓት በላይና በታች ያሉትን ታነጻጽሪያለሽ። ጥሩ ነው፤ አምቡላንስ የት ይቁም ለሚል ኃላፊ የሚጠቅመው ይኸው ነው። ነገር ግን አጥር የሚጋሩ ሁለት እናቶች እኩል ደቂቃ ይሞላላቸዋል፤ አንዷ ሄዳ ወልዳለች፣ አንዷ አልሄደችም። ሁለተኛዋ «ሩቅ ነው» ስትል ምጡ ሌሊት መጥቶባት ይሆናል፤ ወይም አማቷን ጥላ፣ ከማታውቀው ሰው ፊት መተኛቱ ከብዷት። ይህን ለማግኘት ምልክት የሚደረግበት ሣጥን ይዘሽ አትሄጂም፤ የምጡን ቀን ከጠዋቱ ጀምራ እንድታወራሽ ትተያታለሽ። ያኔ 422 ሰው አያስፈልግም፣ መቶኛም መጥራት አትችይም። የተለያየ ታሪክ ያላቸውን መርጠሽ፣ አዲስ ነገር መምጣቱ ሲያቆም ታቆሚያለሽ።

የቀድሞ ዳታ ሰብሳቢ፦ እኔ በወረዳ ደረጃ መጠይቅ ሳስሞላ ከጤና ኤክስቴንሽኗ ጋር ነበር የምንዞረው። «የመጨረሻ ልጅሽን የት ወለድሽ?» ስንል እናቲቱ መጀመሪያ ኤክስቴንሽኗን ታያለች፣ ከዚያ «ጤና ጣቢያ» ትላለች። እናቲቱ ቤት መውለዷን ኤክስቴንሽኗ ራሷ ታውቃለች! እኛ ግን የተባልነውን ሞላን።

መምህሩ፦ እንዲህ ያለ ምሳሌ ነበር የፈለግሁት። ፖዚቲቪስቱ ይህን ስህተት ይለዋል፦ ጠያቂውን ከሌላ ቀበሌ ያመጣል፣ መልሱን ከወሊድ መዝገቡ ጋር ያስተያያል። ለኢንተርፕረቲቪስቱ ግን ዳታው ራሱ ያ ዞር ብሎ ማየት ነው፤ ማን ጠየቀ፣ ማን አብሮ ቆመ፣ ለምን መዋሸት አስፈለጋት ብሎ ይጽፋል። ዲፌንስ ላይ «ስህተትን እንዴት ትቆጣጠሪያለሽ?» ሲሉሽ የምትመልሽው አቋምሽን ይናገራል።

ጠያቂ፦ መምህር፣ አመሰግናለሁ። እንግዲያው ስምንቱን ቃለ መጠይቅ ላውጣው ነው የሚሉኝ?

መምህሩ፦ አይ፣ ሥራ ስጫቸው። መጀመሪያ መጠይቁን ጨርሺ። ከጤና ጣቢያው ግማሽ ሰዓት በማይሞላ ርቀት እየኖሩ፣ ክትትሉንም ጨርሰው ቤት የወለዱ ይኖራሉ፤ ሪግሬሽኑ የማያብራራቸው እነሱ ናቸው። ስምንቱን ከእነሱ ምረጪ። አሁን እንዳለው ግን መጠይቁ የሚለውን ሊያስጌጡ የገቡ ነው የሚመስሉት።

ሰሎሞን (የፒኤችዲ ተማሪ)፦ እዚህ ላይ አልስማማም። እንዲህ ከሆነ ቃለ መጠይቁ የመጠይቁ አሽከር ሆነ። ማን እንደሚጠየቅ የወሰነው ቁጥሩ ነው፣ የሚመለሰውም የቁጥሩ ጥያቄ ነው። በእናቶቹ ዓይን «ቤት መውለድ» ችግር ላይሆን ይችላል፤ በቤተሰብ መሀል፣ ማርያም ማርያም እየተባለ፣ ገንፎው ተገንፍቶ የሚሆን ነገር ነው። አንቺ ግን ገና ከርዕሱ ጉድለት አድርገሽ ጀምረሻል። የምርሽን ኢንተርፕረቲቪስት ከሆንሽ ርዕሱም ይቀየር።

መምህሩ፦ የርዕሱ ነገር እውነት ነው። ግን እሷ ያላት አንድ ሴሚስተር ነው፤ ተማሪዋ የምትመረቅበትን መንገድም ማሰብ አለብን። አሽከር ነው ያልከውን ግን አልቀበልም፤ ስምንቱ መጠይቁ ጨርሶ ያልጠየቀውን ነገር ቢያመጡስ?

ሰሎሞን፦ ያኔ 422ቱን እንደገና ትጠይቃለች?

ጠያቂ፦ ዓላማዎቼን መልሼ አየኋቸው። ሦስቱም «መለየት» እና «መለካት» ነው የሚሉት፤ «መረዳት» የሚል የለም። ስለዚህ ፖዚቲቪዝም ብዬ፣ ስምንቱን መምህር እንዳሉት አድርጌ፣ አራተኛ ዓላማ ልጨምር ነው። ለአራተኛው ዓላማ ብቻ ሌላ አቋም ልጻፍ ወይስ ለጠቅላላው አንድ? እዚህ ላይ የጻፈ ሰው ካለ ፕሮፖዛሉን ቢያሳየኝ።