ቴክኒካልና ፈንዳሜንታል ትንተናን ሳላዳላ እንዴት ላነጻጽር?

ሰላም ለሁላችሁ። ለዩኒቨርሲቲያችን የፋይናንስ ክበብ አጭር ገለጻ እያዘጋጀሁ ነው፤ የዋጋን እንቅስቃሴ የሚከተለውን ቴክኒካል ትንተናና የኩባንያውን ትርፍ የሚመረምረውን ፈንዳሜንታል ትንተና አነጻጽራለሁ። ምሳሌዬ የአሜሪካው የኔትወርክ መሣሪያዎች አምራች የሲስኮ አክሲዮን ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2000 ወደ 80 ዶላር ሲደርስ ዋጋው የአንድ አክሲዮን ዓመታዊ ትርፍ ከ100 እጥፍ በላይ ነበር። በጥቅምት 2002 ከ10 ዶላር በታች ወረደ።

ፈንዳሜንታል ያሸነፈ ይመስላል። ግን አክሲዮኑ በ1999ም ውድ ነበር፤ ያኔ «ከትርፉ አንጻር ተወዷል» ብሎ የሸጠ ሰው ከዚያ በኋላ የመጣው ትልቅ ጭማሪ አምልጦታል። በ200 ቀን አማካይ ዋጋ የሚመራው ቴክኒካል ተንታኝ ዋጋው ከአማካዩ በላይ ሳለ ይዞ በታች ሲወርድ ስለሚሸጥ፣ ጭማሪው እስኪቀለበስ ይቆያል። ዋጋው አማካዩን እየተሻገረ ከፍ ዝቅ ሲል ግን ደጋግሞ ገብቶ በኪሳራ ይወጣል፤ የደላላ ኮሚሽንም አለበት።

የተቸገርኩት እዚህ ላይ ነው። አንዱ «ስንት ያወጣል?» ብሎ ሲጠይቅ ሌላው «መቼ ልግባ፣ መቼ ልውጣ?» ይላል። ታዲያ ሁለቱን በምን ልመዝናቸው? በትርፍ ብቻ ነው ወይስ በመንገድ ላይ በደረሰው የኪሳራ መጠንም? ደግሞም መጨረሻው የታወቀ አክሲዮን መምረጤ ራሱ ፍርዱን ያዛባብኛል ብዬ እሰጋለሁ። ከሲስኮ ጎን ርካሽ መስሎ መውደቁን የቀጠለ አክሲዮን ብጨምር ይሻላል? በሙያው ያላችሁ እባካችሁ አግዙኝ።