ለክረምቱ ዙር የጋራ ዕቅድ፦ የረጠበ ጉዝጓዝና ደም የቀላቀለ ኩስ

ጸሐፊዋ፣ ደብረ ማርቆስ
እንደምን ሰነበታችሁ። የአንድ ቀን ጫጩት ተቀብለን 45 ቀን አሳድገን የምንሸጥ ሁሉ ለክረምቱ አንድ ዕቅድ ይኑረን ብለን ነበር። ከራሴ ልጀምር። ባለፈው ክረምት 300 ነበሩኝ። በ24ኛው ቀን ጠዋት ሁለቱ ክንፋቸውን ጥለው፣ ላባቸውን ነፍተው ማሞቂያው ሥር ቆመዋል። በርዷቸው ነው ብዬ ከሰል ጨመርሁ። በማግስቱ መጠጫው ዙሪያ ጭዱ ላይ ደም አየሁ። በአራተኛው ቀን 41 ቀብሬ ነበር። ሌሊቱን ዝናብ ገብቶ ስለነበር እሱ ነው ያመጣብኝ አልሁ።

ጡረተኛው የእንስሳት ጤና ረዳት፣ ቡሬ
እታለም፣ የዚያች ሌሊት ዝናብ አይደለም። ወደ ኋላ ቁጠሪ። ይህ ኮክሲዲያ የሚባለው የአንጀት ተውሳክ ነው፤ ከኩስ ጋር የሚወጣው ዘሩ እርጥበትና ሙቀት ካገኘ በአንድ ሁለት ቀን ይበስላል። ጫጩቷ ጭራ ከዋጠችው በኋላ ደም እስኪታይ አራት አምስት ቀን ይወስዳል። ነገሩ የተበላሸ ከሳምንት በፊት ነው። በዚያ ሰሞን ምን ሆኖ ነበር?

ጸሐፊዋ
መጠጫው ያፈስ ነበር ጋሼ። ጭዱን አገላብጬ ተውሁት።

ጡረተኛው
ይኸው ተገኘ። የረጠበውን ማገላበጥ ደህናውንም መበከል ነው። ተዝቆ ከቤቱ ርቆ ይጣል፣ በቦታው ደረቅ ይግባ። የተቀረውን ግን በየሁለት ሦስት ቀኑ ማገላበጥ ደግ ነው። መለኪያው እጅ ነው፤ አንድ ጭብጥ ጨመቅ አድርጋችሁ ልቀቁት። እንደ ሊጥ ተጣብቆ ከቀረ ረጥቧል፤ ፍርስ ካለ ደህና ነው። መጠጫውም የጫጩቷ ጀርባ እኩል ከፍ ይበል፣ ጫጩቷ ባደገች ቁጥር እሱም ይነሣ።

አባል፣ ፍኖተ ሰላም
እኔ ቤቱን በበረኪና አጥቤ ነው የማስገባቸው፣ ስለዚህ ብዙ አልፈራም። ደም ካየሁም ቴትራሳይክሊን አለኝ።

ጡረተኛው
ማጠብህ ጥሩ ነው፣ አሮጌውን ኩስ ያነሣልሃል። በረኪናው ግን ያን ዘር አይገድለውም፤ ቅርፊቱ ጠንካራ ነው። ቤቱን አድርቀህ ማሳደር ይሻልሃል። ቴትራሳይክሊንም የሌላ በሽታ ነው። ለዚህ አምፕሮሊየም ነው። 20 በመቶ የሚለው ዱቄት ከሆነ፣ ደም ሲታይ ለ20 ሊትር ውሃ 24 ግራም፣ በየቀኑ አዲስ እየተበጠበጠ እስከ አምስት ቀን፤ ከዚያ ወደ 6 ግራም ወርዶ ሳምንት። እሽጉ ላይ የተጻፈው ከዚህ ከተለየ እሱን ተከተሉ። በዚያ ሰሞን ሌላ ውሃ ቤቱ ውስጥ አይኑር። የታመመ ጫጩት መኖ ይተዋል እንጂ ውሃ መጠጣቱን ቶሎ አይተውም፣ በውሃ የሚሰጠውም ለዚያ ነው። ቫይታሚንም አብራችሁ አትበጥብጡ፤ ቢ1 ያለበት ከሆነ መድኃኒቱን ያከሽፈዋል።

አባል፣ ዳንግላ
የኔዋ ዶሮ እንቁላል አስኳሉ ላይ የደም ነጥብ አለው። ይኸው በሽታ ይሆን?

ጡረተኛው
አይደለም እመቤቴ። አንዳንዴ የሚያጋጥም ነው፣ ብሉት።

አባል፣ ሞጣ
እኔ አንዴ ያለ በሽታ መድኃኒት አጠጥቻለሁ። ቡናማ፣ እንደ ተቀቀለ ቸኮሌት የሚጣበቅ ኩስ አይቼ ደም መሰለኝ። ለካ ደህና ጫጩትም በመሀል በመሀል እንዲያ ይጥላል። ከዚያ ወዲህ ማታ ማሞቂያው ሥር ካርቶን አነጥፋለሁ፣ ጠዋት አውጥቼ በፀሐይ አያለሁ። ጭድ ላይ የማይታይ ቀይ ካርቶን ላይ ቁልጭ ይላል። ከ18ኛው ቀን ጀምሮ ሁላችንም እንዲህ ብናደርግ?

ጡረተኛው
ግሩም ነው፣ ይግባ። ግን ደም የማያሳይ የኮክሲዲያ ዓይነትም አለ። ካርቶኑ ንጹሕ ሆኖ ጫጩቶቹ ከቀጨጩና መኖ ከተረፈ ዝም አትበሉ። የሞተ ካለ አምጡልኝ፣ ሆዱን ከፍተን ጭፍኑን አንጀት እንይ፤ በደም ተሞልቶ ካበጠ ነገሩ ያው ነው።

አባል፣ ቢቸና
ጭዱን ትተን ሁሉንም ሽቦ ወለል ላይ ብናሳድግስ? የኔዎቹ አንድም አልታመሙ።

ጸሐፊዋ
ካንተ የገዙት ሴትዮ ግን መሬት ባወረዷቸው በሁለተኛው ሳምንት ደም ጣሉብኝ ብለው ነበር።

ጡረተኛው
ምንም ያልቀመሰ አካል አይለምድም። ደረቅ ጉዝጓዝ ላይ ያደገ ትንሽ ትንሽ እየዋጠ ይጠነክራል። ሽቦው ለአንተ ይበጃል፣ ለገዢው እንጃ።

ቢቸና
እንግዲህ ለገዢው መንገር ነው እንጂ እኔስ ሽቦዬን አልተውም።

ጸሐፊዋ
እሺ፣ የሽቦው ለስብሰባ ይቆይ። እስካሁን በረቂቁ የያዝሁት፦ የረጠበ ጉዝጓዝ በዕለቱ ይዘቅ፣ ከ18ኛው ቀን ጀምሮ ካርቶን ይነጠፍ፣ ደም ያየ በዚያው ጠዋት ይደውል፤ አምፕሮሊየሙ በማኅበሩ ገንዘብ ከወዲሁ ተገዝቶ ይቀመጥ። ግራም የሚለካ ሚዛን ያለው ማን ነው? በሻይ ማንኪያ እየገመትን ነው የከረምን።

ፍኖተ ሰላም
ወርቅ ቤት ያለው አጎቴ ጋ አለ። ያውሰናል ብዬ ግን አልምልም።