ሽያጭ አለ፣ ብሩ ግን የለም

ጠያቂ፣ ሂርማታ፦ ጅማ ውስጥ ቆርቆሮ፣ ሚስማርና ቀለም እሸጣለሁ። ባለፈው ዓመት 7,300,000 ብር ሸጥኩ፤ የተሸጠው ዕቃ መግዣው 5,840,000 ነበር። ሰኔ 30 ስቆጥር መጋዘን ውስጥ የ1,920,000 ዕቃ አለ፣ ሰው እጅ 900,000 ዱቤ አለኝ፣ እኔም ለአከፋፋይ 320,000 አለብኝ። አትርፈሻል ይሉኛል፤ ዕቃ ላመጣ ስል ግን ብር የለም። የት ገባ?

ነጋዴው፦ በቀን 20,000 ትሸጫለሽ ማለት ነው። ሁሉንም ለዚያ አካፍዪው፦ ዕቃሽ 96 ቀን፣ ዱቤሽ 45፣ ዕዳሽ 16። ብርሽ 125 ቀን ይታሰራል። ዱቤውን ዛሬውኑ ዝጊው።

ሒሳብ ሠራተኛ፦ ዱቤው ልክ ነው፣ በመሸጫ ዋጋ ስለሚጻፍ። መጋዘን ያለው ዕቃና የአከፋፋዩ ዕዳ ግን በመግዣ ዋጋ ስለሆኑ የሚካፈሉት በቀን ለሚሸጠው ዕቃ መግዣ ነው፤ 5,840,000 ለ365 ቀን ሲካፈል 16,000።

```
1,920,000 / 16,000 = 120
  900,000 / 20,000 =  45
  320,000 / 16,000 =  20
120 + 45 - 20 = 145
```

ለአከፋፋዩ የከፈልሽው ብር ተመልሶ እጅሽ የሚገባው ከ145 ቀን በኋላ ነው። ትልቁ ዕቃው ስለሆነ ከዱቤው በፊት እሱን እንየው። ቀለሙን ከሌላው ለይተሽ ንገሪኝ።

ጠያቂ፦ ቀለም 800,000 አለ። በዓመት የሸጥኩት በመግዣ ዋጋ 730,000 ብቻ ነው።

ሒሳብ ሠራተኛ፦ እንግዲያው ቀለሙ 400 ቀን ይበቃሻል፣ ሌላው ዕቃ 80። አማካዩ 120 ይህን ደብቆታል። ቀለሙን ወደ 120 ቀን ብታወርጂው 240,000 ይበቃል፤ 560,000 ብር ይለቀቃል፣ ከ145ቱም 35 ቀን ይቀንሳል። የቀለም ትዕዛዝ አቁሚ፤ የማይሄደውን ከለር በቅናሽ አውጪው። ቆርቆሮውን ግን አትንኪ፣ ገበሬው ቡና ሸጦ ቤት ሲከድን እንዳታጪ።

ነጋዴው፦ አልስማማም። ሐምሌ 2016 ምንዛሬው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዕቃ የያዘ ነው ያተረፈው።

ሒሳብ ሠራተኛ፦ ለቆርቆሮ እውነትህን ነው። የውሃ ቀለም ግን ባልዲው ውስጥ ይበላሻል፤ ዋጋው ቢንርም የደረቀ ቀለም ማንም አይገዛም።

የአጋሮ ልጅ፦ እኔ የማዳበሪያና የእርሻ መሣሪያ ሱቅ አለኝ። ክረምት ላይ ዱቤ ስዘጋ ደንበኞቼ ጎረቤት ሄዱ፤ ቡና ሲለቀምም ብራቸውን ይዘው አልተመለሱም። እህቴ፣ አትዝጊ።

ሒሳብ ሠራተኛ፦ ልክ ነህ፣ ሰኔ ላይ የገበሬ ዱቤ መብዛቱ አያስደነግጥም፤ ታኅሣሥና ጥር ላይ ይገባል። ስለዚህ የዱቤውን ቀን በሰኔ ቆጠራ ብቻ አትለኪው፣ የየወሩን ቀሪ ወስደሽ አማካዩን አስሊ። ከዚያ ስም ዝርዝሩን በዕድሜው ለይው፦ እስከ 30 ቀን፣ እስከ 90፣ ከ90 በላይ። ለገበሬው የመክፈያ ቀኑን ከለቀማው ጋር አስማሚው። ዓመቱን ሙሉ ሥራ እያለው ከ90 ቀን ያለፈው ግን አሮጌውን ሳይከፍል አዲስ ዕቃ አይውሰድ።

ጠያቂ፦ አየሁት ጋሼ። 310,000ው ከ90 ቀን ያለፈ ነው፤ ከዚያ ውስጥ 220,000ው የአንድ ኮንትራክተር ነው። የቀለሙን ቅናሽ ቅዳሜ እጀምራለሁ። ኮንትራክተሩ ግን የባለቤቴ ዘመድ ነው፣ ዕቃ አልሰጥህም ማለት ከብዶኛል።

የአጋሮ ልጅ፦ በሽማግሌ አስይዢው፣ በየሳምንቱ የሚከፍለውን ይፈርም።

ነጋዴው፦ ዘመድ በወረቀት አይከፍልም። ቼክ ይስጥሽ።