የአባቴ ሰዓት ሦስት ዋጋ ወጣለት፤ በየትኛው እንካፈል?

እባካችሁ የምታውቁ እርዱኝ። ደሴ ነው የምኖረው። አባታችን የወርቅ የእጅ ሰዓት ትቶልናል። እህትና ወንድም ሆነን ሦስት ልጆች ነን። አሜሪካ ያለችው እህቴ ወስዳ አስገመተችው፤ ሦስት የተለያየ ቁጥር ይዛ መጣች።

ለኢንሹራንስ የተጻፈው 6,000 ዶላር ነው። ይህ ቢጠፋ ተመሳሳዩን ከሱቅ ለመግዛት የሚያስፈልገው ነው፤ የነጋዴው ትርፍም አለበት። እኔ ልሽጠው ብል ማንም ይህን አይሰጠኝም። የገበያ ዋጋው 3,000 ነው፤ ሳይገደዱ፣ ዕቃውን አውቀው የሚገበያዩ ሰዎች የሚስማሙበት ማለት ነው። የጨረታ ግምቱ ደግሞ ከ2,000 እስከ 3,000 ይላል።

የጨረታው ነበር ግራ ያጋባኝ። እህቴ ስትጠይቅ፣ ግምቱ ጨረታው መዶሻ ተመትቶ የሚያልቅበት ዋጋ ብቻ ነው፤ የአጫራቹ ኮሚሽን የለበትም አሏት። በ2,400 ቢሸጥ ገዢው 25 በመቶ ጨምሮ 3,000 ይከፍላል። ከእኛ ደግሞ 10 በመቶ ተቆርጦ 2,160 ይደርሰናል።

ሰዓቱን መሸጥ አልፈልግም። አባቴ ሙገድ ገበያ ሲወርድ እንኳ ከእጁ አያወልቀውም ነበር። ለሁለቱ ድርሻቸውን ከፍዬ ላስቀረው ነው ሐሳቤ። ታላቅ ወንድሜ ግን የኢንሹራንሱን ወረቀት ይዞ 2,000 ዶላር ይገባኛል አለ። በገበያ ዋጋው ከሆነ 1,000 ነው።

ለውርስ ክፍፍል የገበያ ዋጋው ይመስለኛል ልክ። ግን ሳይሸጥ የጨረታውን ኮሚሽን መቀነስ አግባብ ነው? ወንድሜንስ ሳላስቀይም እንዴት ላስረዳው?