«ግብረ መልስ» ወይስ «ማላዘን»? ማይክ ሲጮህ ምን እንበል?

ጠያቂዋ፣ ከደብረ ሲና
ሰላም ለቤቱ። በሰንበት ትምህርት ቤታችን አዳራሽ ማይክ ለሚይዙ ልጆች አንድ ገጽ መመሪያ እየጻፍኩ ነው። ስፒከሩ «ዊይይይ» ብሎ የሚጮኸውን ነገር መዝገበ ቃላቱ ሁሉ «ግብረ መልስ» ይለዋል። የሚክሰሩን «ጌን» ደግሞ «ትርፍ» ይለዋል። «ግብረ መልስ እንዳይኖር ትርፉን ቀንሱ» ብዬ ጻፍኩ። አንዷ ልጅ አንብባ «ለሰባኪው አስተያየት አትስጡ ማለት ነው?» አለችኝ። ትክክለኛ ቃል ያላችሁ እባካችሁ ርዱኝ።

የአማርኛ መምህሩ፣ ከደብረ ብርሃን
ልጄ፣ ልጅቷ አልተሳሳተችም። «ግብረ መልስ» ዛሬ ለሥራ ወይም ለንግግር የሚሰጥ አስተያየት ነው። ጩኸትን አይሸከምም። እኔ «ማስተጋባት» እላለሁ። አንቺ የገደል አገር ልጅ ነሽ፣ የገደል ማሚቶን ታውቂዋለሽ። ድምፅ ሄዶ ይመለሳል፣ ያው ነው።

የሳውንድ ሠራተኛው፣ ከደብረ ብርሃን
ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እዚህ ላይ አልስማማም። ጣርማ በር ላይ ቆመው ቢጣሩ ገደሉ ይመልስልዎታል። ግን ሁለተኛው መልስ ከመጀመሪያው ይደክማል፣ ሦስተኛው ከናካቴው ይጠፋል። የማይኩ ጩኸት ተቃራኒው ነው። ከስፒከር የወጣውን ድምፅ ማይኩ መልሶ ይሰማዋል፣ ሚክሰሩ ያጎላዋል፣ ስፒከሩ ደግሞ ይበልጥ አጉልቶ ያወጣዋል። በየዙሩ እየበረታ ይሄዳል። ልጆቹ «ማስተጋባት» ብለው ከተማሩ ድምፅ የሚያስተጋባውን የሪቨርብ ቁልፍ ፍለጋ ይሄዳሉ። አይቻለሁ።

የሚኒ ሚዲያው፣ ከሸዋ ሮቢት
በእኛ ትምህርት ቤት «ሲስተሙ ጮኸ» እንላለን፣ አለቀ። መፍትሔውም አጭር ነው። ጌኑን ዝቅ፣ ተንሸራታቹን ፌደር ከፍ። ጌን ነው የሚያስጮኸው።

የሳውንድ ሠራተኛው
ግማሹ ልክ ነው ወንድሜ። ጌን ስትቀንስ ጩኸቱ ይቆማል። የቆመው ግን ሁሉም ድምፅ ስለቀነሰ ነው። ጌኑን 10 ዴሲቤል አውርደህ ፌደሩን 10 ዴሲቤል ብታነሳ ዙሩ እዚያው ነው። ድምፁ የሚዞረው በጌኑም፣ በፌደሩም፣ ሁሉን በአንድ በሚያዘው በማስተሩም በኩል ነው። ማይኩ የትኛው ቁልፍ እንዳነሳው አይለይም።

ጌን ሥራው ሌላ ነው። ከማይክ የሚመጣውን ደካማ ድምፅ መጀመሪያ የሚቀበለው እሱ ነው። ካበዛኸው ድምፁ ይቀደዳል፣ ካሳነስከው ሌላውን ስታነሳ «ሽሽሽ» ይመጣል። ተናጋሪው በእውነተኛ ድምፁ ሲናገር ቀዩዋ መብራት ብልጭ እስክትል አንሳው፣ ከዚያ ትንሽ መለስ አድርገው።

ጌን ለጩኸት የሚጠቅመው አፍ ሲቀርብ ነው። ማይኩ ከአፍ አንድ ስንዝር ከነበረ ወደ ግማሽ ስንዝር አምጣው። ድምፅህ ወደ 6 ዴሲቤል ገደማ በርትቶ ይገባል። አሁን ጌኑን ያን ያህል ቀንስ። ሕዝቡ የሚሰማው ያው ነው፣ ወደ ጩኸት ያለህ ርቀት ግን ሰፋ። የማይጠቅሙ ማይኮችንም ዝጋ። ክፍት ማይክ በእጥፍ በጨመረ ቁጥር 3 ዴሲቤል ያህል ታጣለህ።

የአማርኛ መምህሩ
ገባኝ። ስለዚህ «ትርፍ» ፈጽሞ አይሆንም። «የመቀበያ ልክ» ብንለውስ?

የሚኒ ሚዲያው
ለመጽሐፍ ያምራል ጋሼ። ሰልፍ ላይ ግን «ጌን» ነው የሚባለው።

እትዬ፣ ከመንዝ
ጥያቄው ስለ ጩኸት ከሆነ እኔም አለኝ። አዳራሻችን ቆርቆሮና ሲሚንቶ ነው። ሰው ሲሞላ ደህና ነው፣ ባዶ ሲሆን ለልምምድ መከራ ነው። ስፌት አዋቂዋ «ባና ስቀሉበት» አለችን። በኋላው ግድግዳ ላይ ሦስት ባና ሰቀልን። ፉጨቱ ቀነሰ። «ሁሁሁ» እያለ የሚያላዝነው ግን አልተነካም። ምን ጎደለን?

የሳውንድ ሠራተኛው
እትዬ፣ ምንም አልጎደለዎትም። ባና ቀጭኑን ድምፅ ይውጣል፣ ወፍራሙን ያሳልፋል። ሰው ሲሞላ ደህና የሚሆነውም ሰውና ልብሱ ድምፅ ስለሚውጡ ነው።

ደግሞ የጠያቂዋን መልስ የሰጡት እርስዎ ነዎት። «ፉጨት» እና «ማላዘን» ብለው ለዩት። እኔ ሥራ ላይ ልጆቹን የምጠይቀው ይህንኑ ነው፦ ምን አለ? «አጉረመረመ» ካሉኝ ከ200 ሄርዝ በታች ነው፣ ወፍራሙን ድምፅ የሚቆርጠውን ሎው ከት እጫናለሁ። «አላዘነ» ካሉኝ 250 እስከ 500 አካባቢ ነው። «አፏጨ» ካሉኝ 1,000 እስከ 3,000። «ሲጥ አለ» ካሉኝ ከዚያ በላይ። አንድ ቃል ሳይሆን አራት ግሥ ነው የሚያስፈልጋት። ግሡ እጅን ወደ ቁልፉ ይመራል።

ጠያቂዋ
ወይ ጉድ! ይሄን ነው የፈለግኩት። ግን ከዚያ በኋላ ኢኳላይዘሩን እንዴት? የእኛ ሚክሰር ሎው፣ ሚድ፣ ሃይ አለው። ሚዱ ላይ ሁለት ቁልፍ አለ።

የሳውንድ ሠራተኛው
አንድ አዳራሽ ላይ ያደረግኩትን ልንገርሽ። ሁለቱ ስፒከሮች ከመድረኩ ጀርባ ግድግዳ ላይ ተሰቅለዋል። ስለዚህ ማይኩን ፊት ለፊት ያዩታል። ሰባኪው ድምፀ ቀጭን ነው። አዳራሹ ባዶ ሳለ ገባሁ። ከአንድ ማይክ በቀር ዘጋሁ። ጌኑን እንደነገርኳችሁ አስተካከልኩ። ማስተሩን ቀስ ብዬ አነሳሁ። መጀመሪያ የመጣው ፉጨት ነው። ከመጮሁ በፊት ቃሉ መጨረሻ ላይ እንደ ጭራ ይንጠለጠላል፣ «አሜንንን» ይላል። እዚያ ላይ አቆምኩ።

ከሚዱ ሁለት ቁልፎች አንዱ መጠን ነው፣ ሌላው ቦታ። መጠኑን 6 ዴሲቤል ቀነስኩና የቦታውን ቁልፍ ቀስ ብዬ አዞርኩ። ብዙ ሰው ጨምሮ ይፈልጋል፣ ያኔ ጆሮም ስፒከርም ይጎዳል። 2,500 ሄርዝ አካባቢ ስደርስ ጭራው ተቆረጠ። ከዚያ መጠኑን ወደ 4 መለስኩ፣ አሁንም አልጮኸም። እዚያው ተውኩት።

እንደገና ማስተሩን አነሳሁ። አሁን አላዘነ፣ 300 አካባቢ። ሚዴን አስቀድሜ ጨርሻለሁ። የሎው ቁልፍ ደግሞ የሚሠራው 100 ሄርዝ አካባቢና ከዚያ በታች ነው፣ 300ን እምብዛም አይነካም። ኢኳላይዘሩ እዚህ አበቃ። ሃይን ብቀንስ የሰባኪው ቃል ብርድ ልብስ ውስጥ እንደገባ ይሆናል፣ ማላዘኑም አይቆምም። መጋቢዎቹን ለምኜ ስፒከሮቹን ወደ ፊት፣ ከማይኩ አልፈው ሕዝቡን እንዲያዩ አዛወርናቸው። ማላዘኑ ጠፋ። የሚገርመው፣ ፉጨቱ ቦታ ቀየረ። የ2,500ውን ቁልፍ እንደ አዲስ መፈለግ ነበረብኝ። ስፒከር ወይም ማይክ ከተነካ የድሮው ቁጥር አይሠራም።

የአማርኛ መምህሩ
ታዲያ ለኢኳላይዘር «ማመጣጠኛ» የሚለው ትርጉም ልጆቹን አያሳስትም? ቁልፎቹን ሁሉ እኩል መስመር ላይ ያደርጉታል።

የሳውንድ ሠራተኛው
ያደርጋሉ ጋሼ! ስሙ የመጣው ከስልክ መስመር ሥራ ነው፣ ሽቦው ያደከመውን ድምፅ መልሶ እኩል ለማድረግ። እኛ የምንሠራው ግን መቁረጥ ነው። «መግረዣ» ብንለው ይሻለኛል።

የሚኒ ሚዲያው
መግረዣ የዛፍ ነው። እኔ አልስማማም።

የአማርኛ መምህሩ
ቅርንጫፍ መርጦ መቁረጥ ከሆነ ግን ትርጉሙ ይይዛል። ላስብበት።

ጠያቂዋ
መመሪያውን ቀየርኩት። ግብረ መልስን አውጥቼ አራቱን ግሦች አስገባሁ። ቅዳሜ ከልጆቹ ጋር እንሞክራለን። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ። የእኛ ልጆች ማይኩን በጨርቅ ጠቅልለው ጭንቅላቱን በእጃቸው ይጨብጡታል። «አነቁት» እላለሁ። ይሄስ?

የሳውንድ ሠራተኛው
«አነቁት» ትክክለኛው ቃል ነው፣ ጻፊው። ጭንቅላቱ ሲታነቅ ማይኩ ከኋላው የሚመጣውን ድምፅ መከልከል ያቅተዋል፣ ከየአቅጣጫው ይሰማል፣ ይጮሃል። ከወገቡ ይያዙት።